የጫማ ማሰሪያ ዘዴ፦ የማሳን ስፋት ከጫፎቹ ኮኦርዲኔት ማስላትና ስሕተት የሚገባባቸው መንገዶች

አጠቃሎ

የጫማ ማሰሪያ ዘዴ ጎኖቹ እርስ በርስ የማይቋረጡትን ማንኛውንም ጎነ ብዙ፣ ቅርጹ ምንም ያህል የተዛባ ቢሆን፣ ከጫፎቹ ኮኦርዲኔት ብቻ ስፋቱን ያሰላል። ቀመሩ አጭር ነው፤ ነገር ግን የተሳሳተ ግብዓት ሲቀርብለትም ዝም ብሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ አምስት ጫፍ ያለውን አንድ ማሳ በምሳሌነት ወስዶ የዘዴውን አሠራር ያሳያል፤ ቀጥሎም በትልልቅ ኮኦርዲኔቶች ብዜት፣ በጫፎች ቅደም ተከተል እና በልኬት ስሕተት ምክንያት ውጤቱ እንዴት እንደሚዛባና መዛባቱ እንዴት እንደሚታወቅ ይመረምራል።

1. የዘዴው መሠረት

አንደኛው ጫፉ በመነሻ ነጥብ (0, 0) ላይ ያረፈ ጎነ ሦስት ቀሪ ጫፎቹ (x₁, y₁) እና (x₂, y₂) ቢሆኑ፣ ስፋቱ የ x₁y₂ − x₂y₁ ግማሽ ነው። ይህ ቁጥር ምልክት አለው። ከመነሻው ቆሞ ለሚመለከት ሰው ከመጀመሪያው ጫፍ ወደ ሁለተኛው የሚደረገው ጉዞ ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ከሆነ አዎንታዊ፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ አሉታዊ ይሆናል። የዘዴው ኃይል ያለው በዚህ ምልክት ላይ ነው። የጎነ ብዙው እያንዳንዱ ጎን ከመነሻው ጋር አንድ ጎነ ሦስት ይሠራል፤ ጎኖቹ በተራ ሲዳረሱ ከቅርጹ ውጭ የወደቀው ስፋት አንድ ጊዜ ተደምሮ አንድ ጊዜ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም የሚቀረው የውስጡ ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ፦

A = ½ | Σ (xᵢ·yᵢ₊₁ − xᵢ₊₁·yᵢ) |

የመጨረሻው ጫፍ ተከታይ የመጀመሪያው ጫፍ ነው። ዘዴው ስሙን ያገኘው ኮኦርዲኔቶቹ በሁለት ዓምድ ተጽፈው የሚባዙት ቁጥሮች በሰያፍ መስመር ሲያያዙ፣ መስመሮቹ እንደ ጫማ ማሰሪያ ስለሚጠላለፉ ነው። ቀመሩን ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ አልብሬክት ሉድቪግ ፍሪድሪክ ማይስተር በ1769 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ብዙ ጊዜ ግን በጋውስ ስም ይጠራል።

2. የተሠራ ምሳሌ

የሚከተለው ለማሳያ የተዘጋጀ ማሳ ነው። ኮኦርዲኔቶቹ በባሕር ዳር አካባቢ በዩ.ቲ.ኤም. ዞን 37 ሰሜን የሚገኙትን ዓይነት ቁጥሮች ይይዛሉ፤ መለኪያቸው ሜትር ነው።

| ጫፍ | ምሥራቅ (x) | ሰሜን (y) | ከጫፍ 1 ያለው ልዩነት |
|---|---|---|---|
| 1 | 324512 | 1282008 | (0, 0) |
| 2 | 324574 | 1282020 | (62, 12) |
| 3 | 324590 | 1282066 | (78, 58) |
| 4 | 324552 | 1282058 | (40, 50) |
| 5 | 324520 | 1282084 | (8, 76) |

ማሳው በጫፍ 4 ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። የመጨረሻው ዓምድ የተገኘው የጫፍ 1ን ኮኦርዲኔት ከሁሉም በመቀነስ ነው። ይህ መቀነስ ስፋቱን አይለውጥም። ምክንያቱም በሁሉም x ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር c ቢጨመር፣ በቀመሩ ድምር ላይ የሚጨመረው c·Σ(yᵢ₊₁ − yᵢ) ነው፤ ጉዞው ተዘግቶ ወደ መነሻው ስለሚመለስ ይህ ድምር ዜሮ ይሆናል። ለ y ም እንዲሁ ነው።

ጫፍ 1 መነሻ ሲሆን ከእርሱ የሚነሳውና ወደ እርሱ የሚመለሰው ጎን ዜሮ ይሰጣሉ። የሚቀሩት ሦስት ስሌቶች ናቸው፦

ከ2 ወደ 3፦ 62 × 58 − 78 × 12 = 2660
ከ3 ወደ 4፦ 78 × 50 − 40 × 58 = 1580
ከ4 ወደ 5፦ 40 × 76 − 8 × 50 = 2640

ድምሩ 6880 ነው፤ ግማሹ 3440 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.344 ሄክታር ይሆናል። ድምሩ አዎንታዊ መሆኑ ጫፎቹ ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ መመዝገባቸውን ያሳያል።

3. የትልልቅ ቁጥሮች ችግር

መነሻውን ማዛወር ስሌቱን ከማቅለል ያለፈ ጥቅም አለው። ኮኦርዲኔቶቹ ሳይቀነሱ ቢባዙ የመጀመሪያው ብዜት 324512 × 1282020 = 416,030,874,240 ይሆናል፤ ይህ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከ1 ወደ 2 ያለው ጎን ብቻውን −75,590,352 ይሰጣል። እንዲህ ያሉ አምስት ቁጥሮች ተደምረው 6880 ብቻ መቅረት አለበት። ስለዚህ ሁሉም አኃዝ ካልተጠበቀ፣ ሲጠፋፉ የሚቀረው ነገር ስፋት ሳይሆን የማጠጋጋት ትርፍ ሊሆን ይችላል።

በ32 ቢት ነጠላ ትክክለኝነት የሚሠራ ፕሮግራም ለአንድ ቁጥር የሚይዘው 24 ጉልህ ቢት ነው። በዚህ መጠን ላይ ባሉ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 32,768 ነው። እያንዳንዱ ብዜት ለየብቻ ከተጠጋጋ ድምሩ የ32,768 ብዜት፣ ስፋቱም የ16,384 ብዜት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 3440 ከቶ አይገኝም። አሥር አኃዝ ብቻ የሚይዝ የእጅ ማስሊያም በእያንዳንዱ ብዜት እስከ 50 ካሬ ሜትር ያዛባል። በ64 ቢት ድርብ ትክክለኝነት ርቀቱ ከ0.0001 ስለሚያንስ ችግሩ በዚህ ማሳ ላይ አይታይም። ሆኖም መነሻውን ማዛወር በሁሉም መሣሪያ ላይ አስተማማኝ ስለሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ ቢካተት ይመረጣል፦

```python
def sifat(p):
    x0, y0 = p[0]
    q = [(x - x0, y - y0) for x, y in p]
    s = 0
    for (a, b), (c, d) in zip(q, q[1:] + q[:1]):
        s += a * d - c * b
    return s / 2
```

ፕሮግራሙ ፍጹም ዋጋ ሳይወስድ ምልክቱን እንዳለ መመለሱ ሆን ተብሎ ነው፤ ምልክቱ የአመዘጋገቡን አቅጣጫ ስለሚናገር፣ ሳይታይ መጣል የለበትም። ችግሩ መኖሩን ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ፦ ስሌቱን አንድ ጊዜ በሙሉ ኮኦርዲኔት፣ አንድ ጊዜ በተቀነሰው መሥራት። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥፋቱ የማጠጋጋት ነው።

4. የጫፎች ቅደም ተከተል

ቀመሩ የሚያየው የተሰጠውን ተራ እንጂ መሬቱን አይደለም። ጫፍ 2 እና 3 በዝርዝሩ ላይ ቦታ ቢለዋወጡ፣ ከ1 ወደ 3 እና ከ2 ወደ 4 የሚሄዱት ጎኖች ይቋረጣሉ፤ ድምሩ −2660 + 2620 + 2640 = 2600፣ ስፋቱም 1300 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር የማንም መሬት ስፋት አይደለም፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የተዞሩ የሁለት ክፍሎች ልዩነት ነው። አንደኛው 1808 ገደማ፣ ሌላው 508 ገደማ ካሬ ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ቅርጹ ሲሣል ወዲያው ይታያል፤ ጎኖች መቋረጣቸውን የሚፈትሽ ፕሮግራምም ይይዘዋል።

የበለጠ የሚያሳስበው የ3 እና የ4 መለዋወጥ ነው። ተራው 1፣ 2፣ 4፣ 3፣ 5 ሲሆን ድምሩ 2620 − 1580 + 5464 = 6504፣ ስፋቱም 3252 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚቋረጥ ጎን የለም። ቅርጹ እንደ ማንኛውም ማሳ ይመስላል፤ ምልክቱም አዎንታዊ ነው። የጠፋው 188 ካሬ ሜትር፣ ከጠቅላላው 5.5 በመቶ ያህል፣ በይዞታ ማረጋገጫ ላይ ቢሰፍር ባለይዞታውም ሆነ መዝጋቢው ከቁጥሩ ብቻ ሊያውቀው አይችልም። ወደ ውስጥ የታጠፈ ጫፍ ባለበት ማሳ ከአምስቱ ነጥቦች ከአንድ በላይ የማይቋረጥ ቅርጽ ሊሠራ ስለሚችል፣ ትክክለኛው ተራ ከነጥቦቹ ሊገኝ አይችልም።

ማረጋገጫው ከቀመሩ ውጭ መምጣት አለበት። በመስክ የተሣለ ንድፍ ከሌለ አንድ ጎን በሜትር መለካት ይበቃል። ጫፍ 4 እና 5 በእርግጥ የሚጎራበቱ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ወሰን 41.2 ሜትር ነው፤ በተሳሳተው ተራ ግን ወደ 5 የሚደርሰው ወሰን ከጫፍ 3 ተነሥቶ 72.3 ሜትር ይሆናል። በመሬቱ ላይ የተዘረጋ ሜትር ይህን ልዩነት ሳያሳይ አያልፍም።

5. የልኬት ስሕተት ወደ ስፋት ሲሸጋገር

ስሌቱና ተራው ትክክል ቢሆኑም ስፋቱ ከኮኦርዲኔቶቹ የተሻለ ትክክለኝነት ሊኖረው አይችልም። እያንዳንዱ x እና y ራሱን የቻለና መደበኛ ልይይቱ σ የሆነ ስሕተት ቢኖረው፣ የስፋቱ መደበኛ ልይይት የ σ ግማሽ ተባዝቶ በ √Σdᵢ² ነው። እዚህ ላይ dᵢ ከጫፍ i በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ አንድ ጫፍ ሲንቀሳቀስ የሚለወጠው ስፋት በሁለቱ ጎረቤቶቹ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል።

ለምሳሌው ማሳ የርቀቶቹ ካሬ ድምር 27,712 ነው፤ ስለዚህ መደበኛ ልይይቱ 83.2 ጊዜ σ ይሆናል። በ5 ሴንቲ ሜትር ትክክለኝነት ለሚለካ መሣሪያ ይህ 4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። σ ው 3 ሜትር ለሆነ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ. ግን 250 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከላይ በተራ መለዋወጥ ከጠፋው 188 ይበልጣል። እንዲህ ባለ መሣሪያ የተገኘን ስፋት «3440.00» ብሎ መጻፍ የሌለውን ትክክለኝነት ማወጅ ነው።

ይሁንና በአጭር ጊዜ ውስጥ በአንድ መሣሪያ የሚወሰዱ ነጥቦች ስሕተታቸው በከፊል የጋራ ነው። ሁሉም ጫፎች ሁለት ሜትር ወደ ምሥራቅ ቢገፉ ስፋቱ ምንም አይለወጥም፤ መነሻ ሲዛወር እንዳልተለወጠ ሁሉ። ስለዚህ 250 የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይበዛል። ጫፎቹ በተለያየ ቀን ወይም በተለያየ መሣሪያ ሲለኩ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል።

6. መደምደሚያ

የማሳ ስፋት በጫፎች መካከል ያለ ልዩነትና የጫፎች ተራ ውጤት ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ መነሻውን ማዛወር ለምን እንደሚፈቀድና ለምን እንደሚያስፈልግ፣ የጋራ ልኬት ስሕተትም ለምን እንደማይጎዳ ያስረዳል። ሁለተኛው ሐሳብ ግን በሒሳብ ብቻ የማይሞላ ክፍተትን ያሳያል። ስለሆነም ከስፋቱ ጋር የጫፎቹ ተራ፣ በመስክ የተለካ ቢያንስ አንድ ጎን እና የኮኦርዲኔቶቹ ትክክለኝነት አብረው ቢመዘገቡ፣ ቁጥሩን በኋላ የሚያነበው ሰው ሊፈትሸው ይችላል።