የራቀው ነገር በስልክ ፎቶ ለምን ብዥ ይላል? ኦፕቲካል ዙምና ዲጂታል ዙም

በእጅ ስልክ ካሜራ የራቀውን ለማቅረብ ዙም ስናደርግ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሊከናወኑ ይችላሉ። አንደኛው በሌንስ የሚሠራው ኦፕቲካል ዙም ነው፤ ሁለተኛው በስሌት የሚሠራው ዲጂታል ዙም ነው። የልዩነታቸውን መጠን ለማየት አንድ ምሳሌ ወስደን እናሰላ።

በጊዳ አያና አንድ ተማሪ ከኳስ ሜዳው አንደኛው ጎል ጀርባ ቆሞ፣ 100 ሜትር ርቆ በሌላው ጎል ላይ ያለውን ግብ ጠባቂ ጓደኛውን ፎቶ ሊያነሳ ፈለገ እንበል። ስልኩ አንድ ሌንስ ብቻ አለው፤ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከሌንሱ ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ገጽ (ሴንሰር) 4000 በ3000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክሰል አለው። የአንዱ ፒክሰል ስፋት 1.25 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

የግብ ጠባቂው ፊት ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል ቁመት የሚገኘው የትኩረት ርቀቱን በፊቱ ቁመት አባዝቶ ለርቀቱ በማካፈል ነው፦

4 ሚ.ሜ. × 0.2 ሜ. ÷ 100 ሜ. = 0.008 ሚ.ሜ.

ይህም 8 ማይክሮ ሜትር ነው። ለ1.25 ስናካፍለው ፊቱ በሙሉ ያረፈው ከ6 ጥቂት በሚበልጡ ፒክሰሎች ቁመት ላይ መሆኑን እናገኛለን። በ6 ነጥብ ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን ለይቶ መሣል አይቻልም።

ተማሪው አሁን በስልኩ 4 እጥፍ ዲጂታል ዙም ቢያደርግ ስልኩ ከምስሉ መካከል 1000 በ750 ፒክሰል የሚሆነውን ቆርጦ ያስቀራል። ይህ ከጠቅላላው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። ቀጥሎም ፎቶው መጠኑን እንዲይዝ በጎረቤት ፒክሰሎች መካከል አማካይ ቀለም እያሰላ አዳዲስ ፒክሰሎችን ይሞላል። ፊቱ አሁን 26 ያህል ፒክሰል ቁመት ይኖረዋል፤ ከግብ ጠባቂው በብርሃን የመጣው መረጃ ግን አሁንም የ6 ነጥብ መረጃ ነው። ብዥታው የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሌላ በኩል የትኩረት ርቀቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ቢኖረው፣ የፊቱ ምስል በሴንሰሩ ላይ 32 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ይህ 26 ያህል እውነተኛ ፒክሰል ነው።

ታዲያ ለምን የፒክሰሎቹን ቁጥር ብቻ አናበዛም? መልሱ በብርሃን ሞገድነት ላይ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይስፋፋል፤ ይህ ዲፍራክሽን ይባላል። የምሳሌያችን ሌንስ ቀዳዳ 2.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ አንድ ነጥብ በሴንሰሩ ላይ 2.4 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። ይህ ክብ ከወዲሁ ሁለት ፒክሰል ያህል ስለሚሸፍን፣ ፒክሰሎቹን ማሳነስ የሚጨምረው ዝርዝር ጥቂት ነው። በዚሁ ምክንያት፣ የትኩረት ርቀቱን 4 እጥፍ አርዝመን ቀዳዳውን ሳናሰፋ ብንቀር ክቡም 4 እጥፍ ይሰፋል፤ ትርፉ በአብዛኛው ይጠፋል። እውነተኛ ዙም ረጅምም ሰፊም ሌንስ ይሻል።

እንዲህ ያለው ሌንስ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ስልክ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁዋዌ ፒ30 ፕሮ ብርሃኑን በፕሪዝም 90 ዲግሪ አጥፎ በስልኩ ጎን ለጎን በተጋደሙ ሌንሶች በማሳለፍ 5 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም ሰጥቷል። ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ስልኮች ላይ ግን በማሸጊያው የሚጻፈው ትልቅ የዙም ቁጥር ብዙውን ጊዜ የዲጂታል ነው።

ገዢ በሱቅ ውስጥ ራሱ ሊፈትን ይችላል። በሩቅ ያለ ጽሑፍ ያለ ዙም፣ ከዚያም በዙም ያንሳ። የመጀመሪያውን ፎቶ በስክሪኑ ላይ አስፍቶ ከሁለተኛው ጋር ያስተያይ። በሁለተኛው ላይ ተጨማሪ ፊደል ካልተነበበ ዙሙ ዲጂታል ነው። ብዙ ሌንስ ባለው ስልክ ደግሞ ዙም አድርጎ ሌንሶቹን ተራ በተራ በጣት መሸፈን ነው፤ ስክሪኑ የሚጨልመው በሥራ ላይ ያለው ሌንስ ሲሸፈን ነው። ይህ ፍተሻ በቂ ብርሃን ባለበት ይደረግ፤ ብርሃን ሲያንስ አንዳንድ ስልኮች የዙሙን ሌንስ ትተው ዋናውን ሌንስ በዲጂታል ዙም ይጠቀማሉና።

አንድ ገደብ ግን ለሁለቱም ዙሞች የጋራ ነው። በቀትር ወደ አንገር ሸለቆ አሻግሮ የሚያነሳ ሰው፣ ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ብርሃኑን እያወላገደ ምስሉን ያርገበግብበታል። በዚህ ጊዜ ብዥታው ብርሃኑ ሌንሱ ላይ ከመድረሱ በፊት ስለተፈጠረ ረጅም ሌንስ አጉልቶ ያሳየዋል እንጂ አያጠፋውም። መፍትሔው መሬቱ ሳይግል፣ በማለዳ ማንሣት ነው።