ያደገ ግን ያልተከፈለ ባክቴሪያ፦ የኤፍቲኤስዜድ ቀለበትና ክፍፍልን የሚያቋርጡ መድኃኒቶች

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ አያት ባለው የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል የሽንት ቧንቧ ሕመም የተሰማው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከላቦራቶሪ በፊት መድኃኒት ቤት ጎራ ይላል። ሴፋሌክሲን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ለአንድ ሁለት ቀን ወስዶ ሕመሙ ሳይለቀው ሲቀር የሽንት ናሙና ይሰጣል። እንዲህ ያለው ናሙና በግራም ቀለም ተዘጋጅቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከሚጠበቁት አጫጭር ዘንጎች ጎን ለጎን ረጃጅም ሮዝ ክሮች ሊታዩ ይችላሉ። ልምድ የሌለው መርማሪ ክሮቹን የሻጋታ ወይም የእርሾ ዝርያ አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማደጉን ያልተወ፣ መከፈል ብቻ የተሳነው ኢሸሪሺያ ኮላይ ናቸው። ጥያቄው እነዚህ ክሮች ምን እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን በሕይወት አሉ ወይ የሚልም ነው።

ኢሸሪሺያ ኮላይ የሚባዛው በሁለትዮሽ ክፍፍል ነው። ዘንጉ በርዝመት ያድጋል፣ ዲኤንኤው ተባዝቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይለያያል፣ ከዚያም መሐሉ ተሰርጉዶ ሁለት እኩል ሕዋሳት ይወጣሉ። ምቹ በሆነ ምግብና በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይህ ሁሉ በ20 ደቂቃ ገደማ ሊፈጸም ይችላል። የመከፈያው ቦታ የሚታወቀው ኤፍቲኤስዜድ በተባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በእኛ ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው የቱቡሊን ዘመድ ሲሆን፣ ጂቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል እየሰበረ አጫጭር ሰንሰለቶችን ይሠራል። ሰንሰለቶቹ ኤፍቲኤስኤ እና ዚፕኤ በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ከሕዋሱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ጋር ተጣብቀው በመሐል ወገቡ ዙሪያ ቀለበት ይሆናሉ። ቢና ሉትከንሀውስ ይህን ቀለበት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር።

ለረጅም ጊዜ ቀለበቱ እንደ መቀነት ራሱን እያጠበቀ ሕዋሱን ቆንጥጦ የሚቆርጥ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ጥናቶች ሥዕሉን ለውጠውታል። ሰንሰለቶቹ በአንድ ጫፍ አዲስ አባል እየጨመሩ በሌላው ጫፍ እየጣሉ በወገቡ ዙሪያ ይሄዳሉ። በዚህ ጉዞአቸው የግድግዳ ገንቢ ኢንዛይሞችን ያሰማራሉ። ከገንቢዎቹ ዋነኞቹ ኤፍቲኤስደብልዩ እና ኤፍቲኤስአይ ሲሆኑ፣ ፔፕቲዶግላይካንን ወደ ውስጥ እየደረደሩ መለያ ግድግዳውን ይሠራሉ። ስለዚህ ቀለበቱን ከመቀነት ይልቅ ለግንበኞች መሥመር ከሚይዝ ገመድ ጋር ማነጻጸሩ ለእውነታው ይቀርባል። ይህ ልዩነት መድኃኒቶቹ የት ላይ እንደሚመቱ ለመረዳት ያስፈልጋል።

ሴፋሌክሲን ገመዱን አይነካም፤ የሚይዘው ግንበኛውን ነው። እንደ አንዳንድ ሌሎች ቤታ ላክታሞች ከኤፍቲኤስአይ ጋር ተጣብቆ ሥራ ያስፈታዋል። ቀለበቱ በቦታው ይሠራል፣ ግን ሳይጠብብ ይቀራል። የጎን ግድግዳውን የሚያሳድጉት ሌሎች ኢንዛይሞች ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ ዘንጉ እየረዘመ ይሄዳል። የመድኃኒቱ መጠን በጣም ሲጨምር ወይም ጊዜው ሲረዝም እነዚህም ይጎዱና ክሩ ይፈነዳል። ነገር ግን መጠኑ ዝቅ ባለበት፣ ኪኒኑ በሰዓቱ ባልተወሰደበት ሁኔታ ክሩ ለጊዜው በሕይወት ይቆያል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ወደ ተመሳሳይ ክር የሚያደርሰው በሌላ መንገድ ነው። ዒላማው ዲኤንኤ ጋይሬዝ የተባለው ኢንዛይም ስለሆነ ዲኤንኤው ይሰበራል። ስብራቱን ሬክኤ የተባለው ፕሮቲን ሲያውቅ ሌክስኤ የተባለው ጨቋኝ ፕሮቲን ራሱን ይቆርጣል፣ የአደጋ ጊዜ ዘረመሎችም ይከፈታሉ። ከእነዚህ አንዱ ሱልኤ የተባለውን ፕሮቲን ያመርታል። ሱልኤ ነጠላ የኤፍቲኤስዜድ ሞለኪውሎችን እየያዘ ሰንሰለት እንዳይሠሩ ይከለክላቸዋል። እዚህ ላይ ቀለበቱ ጨርሶ አይገጣጠምም። የሚያስገርመው ግን ክፍፍሉን ያቆመው መድኃኒቱ ሳይሆን ባክቴሪያው ራሱ መሆኑ ነው፤ የተሰበረ ዲኤንኤ ለልጆቹ እንዳያካፍል ጊዜ እየገዛ ነው። ጥገናው ሲያልቅ ሎን የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ሱልኤን በፍጥነት ያጠፋዋል፤ ቀለበቱም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት የሱልኤ ዘረመል የሌላቸው ኢሸሪሺያ ኮላይ በፊኛ ውስጥ መቆየት አልቻሉም፤ ረጅሙ ክር በነጭ የደም ሕዋሳት ለመዋጥ ያስቸግራልና።

ኤፍቲኤስዜድን ራሱን በቀጥታ የሚመታ መድኃኒት እስከ አሁን ወደ ሕክምና አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ፒሲ190723 የስታፊሎኮከስ ኦሬየስን ሰንሰለቶች እንዳይፈርሱ አድርጎ በማጽናት ክፍፍልን ያቆማል። ሆኖም በውኃ የመሟሟት ችግር ነበረበት፤ በዒላማው ዘረመል ላይ የሚከሰት አንድ ለውጥም ባክቴሪያውን ሊያስመልጠው ይችላል። በመነሻው ናሙና ላሉት ኢሸሪሺያ ኮላይ ደግሞ ብዙም አይሠራም።

ወደ ናሙናው እንመለስ። በ20 ደቂቃ የሚባዛ፣ 3 ማይክሮ ሜትር ርዝመት ያለው ሕዋስ ለ60 ደቂቃ ክፍፍሉ ብቻ ቢታገድ ክብደቱ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ ስምንት ሕዋሳት መሆን ሲገባው 24 ማይክሮ ሜትር የሚረዝም አንድ ክር ይሆናል። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ የሚያነበው በአመዛኙ ክብደትን ስለሆነ ባህሉ እያደገ ነው ይላል። በአጋር ላይ የሚቆጠረው ኮሎኒ ግን ከአንድ ክር አንድ ብቻ ነው። የሽንት ባህል በ0.001 ሚሊ ሊትር ቀለበታማ ሽቦ ተዘርቶ 20 ኮሎኒ ቢበቅል፣ ውጤቱ በሚሊ ሊትር 20,000 ተብሎ ይጻፋል፤ ከተለመደው የ100,000 ወሰን በታች ነው። የተዘሩት ሁሉም እንደዚያ ዓይነት ክሮች ከሆኑ ግን የባክቴሪያው ክብደት ከ160,000 መደበኛ ሕዋሳት ጋር ይመጣጠናል። መድኃኒቱ ከተወገደ እነዚህ ክሮች በየወገባቸው እየተቆረጡ ወደዚያው ቁጥር ሊጠጉ ይችላሉ። ስሌቱ ሁሉም ክር በሕይወት እንዳለ ይገምታል፤ በተግባር ከፊሉ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል 160,000 የላይኛው ጣሪያ ነው።

ስለዚህ ከባህል ውጤቱ ጋር የግራም ስላይዱን አብሮ ማንበብ፣ በሽተኛው አስቀድሞ የወሰደውን መድኃኒት ስምና ሰዓትም በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል። ክሩ እርሾ አለመሆኑ የሚለየው ሮዝ በመሆኑ፣ እንቡጥና ቅርንጫፍ ባለማውጣቱ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ መድኃኒት በሌለበት ፈሳሽ ምግብ ውስጥ አሳድጎ በየ20 ደቂቃው ጥቂት እየወሰዱ በፎርማሊን አጽንቶ ማየት ይቻላል፤ በሕይወት ያለ ክር ወደ አጫጭር ዘንጎች ይመለሳል። የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ባለበት ቤተ ሙከራ ዲኤንኤን የሚያበራው ዳፒ የተባለ ቀለም መንስኤውን ጭምር ይጠቁማል። በሴፋሌክሲን ክር ውስጥ የዲኤንኤው ክምችቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በእኩል ርቀት ተሰድረው ይታያሉ፤ በሲፕሮፍሎክሳሲን ክር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ተጠቅልሎ የቀረ አንድ ጓል ይታያል፣ ጫፎቹም ባዶ ናቸው።