ድምፅ ሲሰጥ በአዳራሹ ስንት ሰው ነበር?

ከቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የተሰናበተ ሰው ማኅበሩን ሲከስ፣ ኮሚቴው ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሰውየው መሰናበት እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። መዋጮ አልከፈለም፣ ስብሰባ አይመጣም፣ ሥራ ያውካል ይላል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ክርክሩ የሚጠፋው ግን ከዚያ በፊት ባለው ጥያቄ ላይ ነው፦ ውሳኔውን የሰጠው ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ ነበረው? ነበረው ካላችሁ ወረቀታችሁ የታለ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የቤትና የሌላም ማኅበራት ብዙ ናቸው። ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የአስተዳደር መዋቅር ሲለወጥ ፋይል ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ የሚያውቃችሁ ባለሙያም ይቀየራል። ስለ ስብሰባችሁ የሚመሰክርላችሁ በእጃችሁ ያለው ቃለ ጉባኤ ብቻ የሚሆንበት ቀን ይመጣል ማለት ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው። ማኅበራቱ የሚመሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እና አባላቱ ራሳቸው ባጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ለስብሰባ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግና የትኛው ውሳኔ ልዩ ድምፅ እንደሚጠይቅ ከእነዚህ ታገኛላችሁ።

ብዙ ማኅበራትን የጣለው ወጥመድ ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ያበጀኋቸው ናቸው እንጂ ታሪኩ በየጊዜው የሚገጥመኝ ነው። አንድ የቡራዩ ማኅበር 48 አባላት አሉት እንበል። ደንቡ ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው ስለሚል ቢያንስ 25 ሰው ያስፈልጋል። ጥሪው ለእሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በ3 ሰዓት 19 ሰው አለ። ሰብሳቢው “ሌሎቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ እንጀምር” ብሎ በ3፡30 ሲከፍት 23 ደርሰዋል። በ3፡50 የኦዲት ሪፖርቱ በጭብጨባ ይጸድቃል። በ4፡10 አምስት ሰዎች ይገባሉ፣ 28 ይሆናሉ። በ4፡40 ተቋራጭ ይመረጣል። በ5፡45 ስድስት ሰዎች ልቅሶ አለብን ብለው ይወጣሉ፤ 22 ይቀራሉ። በ6፡05 የአንድ አባል ስንብት ለድምፅ ይቀርብና በ20 ድጋፍ ይወሰናል።

ጸሐፊው ማታ ቤቱ ሆኖ ቃለ ጉባኤውን ይጽፋል። የፊርማ ወረቀቱ ላይ 28 ስም አለ። ሦስት አባላት በስልክ “ከእናንተ ጋር ነን” ብለው ስለነበር በሳምንቱ ቤታቸው ሄዶ ያስፈርማቸዋል። ከዚያም “ከ48 አባላት 31 ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል” ብሎ ይጽፋል። ማንንም ማታለሉ አይመስለውም።

የተሰናበተው ሰው ሲከስ ጠበቃው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በ6፡05 ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ወረቀቱ 31 ይላል። ወደ ልቅሶ የሄዱት ስድስቱ ተጠርተው “እኛ ወጥተን ነበር” ይላሉ። ቤታቸው ከፈረሙት አንዱ ደግሞ በዚያ እሁድ ከከተማ ውጭ እንደነበር ይናገራል። እዚህ ላይ ስንብቱ ብቻ አይደለም የሚወድቀው። በ3፡50 የጸደቀው የኦዲት ሪፖርትም በ23 ሰው የጸደቀ ነው። ተቋራጩ የተመረጠው ግን 28 ሰው ባለበት ስለነበር ምርጫው ደህና ነበር። ሆኖም ደህና መሆኑን የሚያሳየው ብቸኛ ወረቀት አሁን ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠበት ያው ወረቀት ነው። ትክክለኛው ውሳኔ ከተበላሹት ጋር አብሮ ይጠረጠራል። ቤት ለቤት ማስፈረሙ ደግሞ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት የወንጀል ክስ ሊያስከትል እንደሚችል ጸሐፊዎች ይወቁት።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ በቀላሉ መዳን መቻሉ ነው። ጸሐፊው የገባና የወጣውን በሰዓቱ ቢመዘግብ ኖሮ፣ ሰብሳቢው በ3፡50 ሁለት ሰው እንደሚጎድል ያይ ነበር። ሪፖርቱን ከ4፡10 በኋላ፣ ስንብቱን ከ5፡45 በፊት ቢያደርገው ሦስቱም ውሳኔዎች ምልዓተ ጉባኤ ባለበት ይሰጡ ነበር።

የሚያስፈልገው የወረቀት ለውጥ ትንሽ ነው። የፊርማ ወረቀቱ ከስምና ከፊርማ ሌላ ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ የገባበት ሰዓትና የወጣበት ሰዓት። ጸሐፊው በር አጠገብ ይቀመጥ፤ አርፍዶ የመጣ ሳይፈርም አይግባ፣ የሚወጣም ሰዓቱን ሳያስጽፍ አይውጣ። ከዚያ በቃለ ጉባኤው ውስጥ በእያንዳንዱ ውሳኔ ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ “ከጠዋቱ 4፡40፤ በአዳራሹ የነበሩ 28፤ የደገፉ 21፣ የተቃወሙ 5፣ ድምፀ ተዓቅቦ 2።” ድምሩ በአዳራሹ ከነበሩት ጋር እኩል መምጣት አለበት፤ ካልመጣ እዚያው እጅ አስነስታችሁ ድጋሚ ቁጠሩ። ጭብጨባ አይቆጠርም። “በሙሉ ድምፅ” የሚለውም ቁጥሩ ካልተጻፈ ስንት ሰው እንደሆነ አይናገርም።

ምልዓቱ መቆጠር ያለበት ስብሰባው ሲከፈት ነው ወይስ እያንዳንዱ ውሳኔ ሲሰጥ? እዚህ ላይ በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም፤ አሠራሩ ይለያያል። ሲከፈት ከተሟላ ይበቃል ብለው የሚጽፉ ደንቦች አሉ፣ ዝም የሚሉም አሉ። በውጭ አገር ብዙ ማኅበራት የሚከተሉት፣ መጀመሪያ በ1876 እ.ኤ.አ. የታተመው የሮበርት የስብሰባ ደንብ ምልዓቱ አንዴ ከተሟላ በኋላ መጉደሉን አንድ ሰው እስካላነሳ ድረስ እንዳለ ይቆጠራል ይላል፤ ያለፈ ውሳኔን በዚህ ምክንያት ለማፍረስም ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይፈልጋል። የእናንተ ደንብ ይህን ካልጻፈ ግን በዚህ አትመኩ። ውሳኔ በተሰጠ ቁጥር ቁጠሩ፤ የትኛውም አተረጓጎም ቢመጣ ትድናላችሁ።

አሁን በፈቃድ ስለቀሩት። ይቅርታ ጠይቆ የቀረ ሰው ቀርቷል፤ በምልዓተ ጉባኤ አይቆጠርም። “በስልክ ተስማምቷል” የሚባል ድምፅም የለም። ባል በሚስቱ፣ ልጅ በአባቱ ቦታ ተቀምጦ እጅ ማውጣቱም እንደዚያው ነው፤ ደንባችሁ ውክልናን ይፈቅድ እንደሆነ ተመልከቱ፣ ከፈቀደም የውክልናው ቅጂ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ።

አይቆጠርም ማለት ግን አይጻፍም ማለት አይደለም። በፈቃድ የቀሩትን ስም የሚዘረዝረው አንቀጽ ለማኅበሩ ትልቅ ጋሻ ነው። “ጥሪ አልደረሰኝም” በጉባኤ ውሳኔ ላይ የሚነሳ የተለመደ መቃወሚያ ነው። ሰውየው ቅዳሜ ማታ “ታምሜአለሁ፣ ነገ አልመጣም” ብሎ መልእክት ልኮ ከነበረ ጥሪው ደርሶታል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ፣ ለማን እንዳሳወቀ ጻፉ፤ የስልክ መልእክቱም አይጥፋ። ለአባሉም ይጠቅመዋል። ሦስት ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰናበታል የሚል ደንብ ባለበት ማኅበር፣ ይቅርታችሁ “ያለ ፈቃድ የቀሩ” በሚለው ሥር ከገባ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። በቃል ለሰብሳቢው ነግሬዋለሁ አትበሉ። ሰብሳቢው ይቀየራል፣ ይረሳል፣ ይጣላችሁም ይሆናል።

ሰው ሳይሟላ የተበተነ ስብሰባም ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ማኅበር ብዙ አላየሁም። ደንባችሁ በሁለተኛ ጥሪ በተገኘው ሰው መወሰን ይቻላል የሚል ከሆነ፣ ሁለተኛው ስብሰባ የቆመው በመጀመሪያው አለመሟላት ላይ ነው። መጀመሪያ ተጠርቶ እንደነበር፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደተጠበቀ፣ ስንት ሰው እንደመጣና ቀጣዩ ቀን መቼ እንደተቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ ሁለተኛው ጥሪ እንደ መጀመሪያ ይቆጠርና 15 ሰው የወሰነው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

የአካባቢው ነገርም አለ። ሦስቱም ከተሞች በኦሮሚያ ሥር ስለሆኑ የክልሉ ቢሮዎችና ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ የተያዘ ቃለ ጉባኤ ለማስረጃ ሲቀርብ መተርጎም ይኖርበታል። ተርጓሚ የተዝረከረከ የእጅ ጽሑፍ ላይ ይገምታል፤ ስለዚህ ስምን እስከ አያት፣ ሰዓትን “ከጠዋቱ” ወይም “ከቀኑ” ብላችሁ ጻፉ። ትርጉሙም ጊዜ ይወስዳል፤ ማስረጃ ደግሞ ከክሱ ወይም ከመልሱ ጋር ተያይዞ መቅረብ አለበት። ቀጠሮው ሲደርስ መዝገቡ የቀድሞው ጸሐፊ ቤት ነው እያሉ መሮጥ ያስቀጣል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰነድ ተቀባይነት የሚያገኘው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው።

ውሳኔ የተሰጠባችሁ አባል ከሆናችሁ ደግሞ አትቀመጡ። የቃለ ጉባኤውንና የፊርማ ወረቀቱን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማመልከቻችሁ ቅጂ ላይ “ተቀብያለሁ” የሚል ፊርማና ቀን አስደርጉ። በደንቡ የቅሬታ ጊዜ ካለ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ እየሮጠ ሊሆን ይችላል። የማኅበርና የአባል ክርክር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በዕርቅና በግልግል እንዲታይ ስለሚፈለግ፣ በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገቡ ተዘግቶበት ወራት ያባከነ ሰው አለና መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

“እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን፣ ለእኛ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል” የምትሉኝ ኮሚቴዎች፣ መልካምነታችሁን አልጠራጠርም። ነገር ግን ቦታው ዋጋ ሲያወጣ ወራሽ ይመጣል፣ ፍቺ ይመጣል፣ ገዢ ይመጣል። እነዚህ በስብሰባው አልነበሩምና የሚያምኑት የተጻፈውን ነው።

ያለፈ ጉባኤያችሁ ምልዓት የሚያጠራጥር ከሆነ የድሮውን ወረቀት አትንኩት፣ ስምም አትጨምሩበት። አዲስ ጉባኤ በደንቡ መሠረት ጥሩ፣ አጀንዳው ላይ የቀድሞው ውሳኔ እንደገና እንደሚታይ በግልጽ ጻፉ፣ በር ላይ ሰዓት እየመዘገባችሁ ድምፅ ስጡ። ክስ ከመምጣቱ በፊት፣ በዚህ ወር ውስጥ አድርጉት።