የአፋር ምድር ጠባይ እንዴት ይጻፋል?

በማስተማር ልምምድ ወቅት በብዙዎቻችን የትምህርት ዕቅድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋገማል፦ «አፋር ለመሬት መንቀጥቀጥ፣ ለጎርፍና ለድርቅ የተጋለጠ አካባቢ ነው።» ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ተማሪው ከዚህ ምን ይዞ ይሄዳል? ሦስቱ በአንድ መስመር ይጻፉ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሀ/ መሬት መንቀጥቀጥ የቦታ ጠባይ ነው። በአፋር ሦስት የምድር ቅርፊት ክፍሎች ማለትም የኑብያ፣ የሶማሊያና የዐረብ ክፍሎች ቀስ በቀስ ይራራቃሉ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የሰርዶ ከተማ የፈራረሰችው በዚሁ ሳቢያ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ ከሥሩ ተከፍሎ ቅልጥ ዐለት ገባበት። እንግዲህ የት እንደሚደርስ በካርታ ማሳየት እንችላለን፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አንችልም። «በየስንት ዓመቱ ይመጣል» ብለን ቀን አንቁረጥለት።

ለ/ ጎርፍ የቦታም የወርም ጠባይ አለው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ በደጋው የዘነበው ውሃ ቆላውን ያጥለቀልቃል፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። አፋር ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የሚጥለቀለቀውን ሜዳ ብቻ ሥለን ብንተው መንሥኤው ከካርታው ውጭ ይቀራል።

ሐ/ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በድርቅ ላይ ነው። ደረቅ መሆንና ድርቅ ለየቅል ናቸው። ለምሳሌ በዓመት በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት ቦታ 190 ቢያገኝ ደረቅ ነው እንጂ ድርቅ አልገባም፤ 90 ቢያገኝ ግን ገብቷል። በአንጻሩ 1,000 የለመደ ደጋ 550 ቢያገኝ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ድርቅ ውስጥ ነው። ድርቅ የሚለካው ከቦታው ልማድ በመጉደሉ ነው። የዝናቡም ወር መታየት አለበት፤ የዓመቱ ድምር ሳይጎድል ዝናቡ ከወሩ ቢያልፍ ግጦሹ አይበቅልም።

«የተጋለጠ» የሚለው ቃልስ? እርሱ የሚነግረን ስለ ምድሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰዉም ነው። ያው መንቀጥቀጥ የድንጋይ ቤት ሲጥል ከሰሌን የተሠራውን የአርብቶ አደሩን ጎጆ እምብዛም አይጎዳውም። በድርቅ ጊዜ ከብት የሚሸሽበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ከ1950ዎቹ ወዲህ በከፊል የመስኖ እርሻ ሆነ፤ በዚህም የዝናቡ ጠባይ ሳይለወጥ የአርብቶ አደሩ ተጋላጭነት ጨመረ።

ስለዚህ በዕቅዳችን ላይ ዓረፍተ ነገሩን በአራት ጥያቄ እንከፋፍለው፦ የት? በየትኛው ወር? ከየትኛው ልማድ ጎድሎ? ማንን ያገኛል? ለመንቀጥቀጡ የወሩን ጥያቄ ባዶ እንተወው። ባዶነቱም ራሱ ትምህርት ነው።