በመለያው ላይ ያልተጻፈ ስታቲን፦ የቀይ እርሾ ሩዝ ችግር

ኮሌስትሮልን ይቀንሳሉ ተብለው ከሚሸጡ ማሟያዎች መካከል ቀይ እርሾ ሩዝ የተለየ ስፍራ አለው። ሌሎቹን በተመለከተ ክርክሩ ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም የሚል ነው። ቀይ እርሾ ሩዝ ግን በሚሠራበት ጊዜ የሚሠራው በውስጡ መድኃኒት ስላለ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው ነው።

ነጭ ሽንኩርትን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ኤል ዲ ኤል ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ያሳየ 192 ሰዎችን ለስድስት ወራት ተከታትሏል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሁለት ዓይነት የነጭ ሽንኩርት ክኒኖች ኤል ዲ ኤልን አልቀነሱም። ከዕፅዋት የሚገኙ ስቴሮሎች የተሻለ ማስረጃ አላቸው፤ በቀን ሁለት ግራም ገደማ ሲወሰዱ ኤል ዲ ኤልን ከስምንት እስከ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳሉ።

ቀይ እርሾ ሩዝ የሚገኘው ሞናስከስ የተባለ ሻጋታ በሩዝ ላይ እንዲበቅል በማድረግ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በ1979 ከዚህ የሻጋታ ወገን ሞናኮሊን ኬ የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። በዚያው ዘመን ከሌላ ሻጋታ የተገኘውና በ1987 በአሜሪካ በመድኃኒትነት የጸደቀው ሎቫስታቲንም ያው ሞለኪውል ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ሁለቱም ጡንቻን ሊጎዱ ይችላሉ። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሚገልጸው ምንጩን እንጂ የአሠራር ልዩነትን አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመለያው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከቅንጣት ያለፈ ሞናኮሊን ኬ የያዘ ምርት ያልጸደቀ መድኃኒት ነው ሲል በ1998 ወሰነ፤ ከረጅም ሙግት በኋላም አቋሙ በ2001 በፍርድ ቤት ጸና። ስለዚህ መጠኑን በግልጽ የሚጽፍ አምራች ራሱን መክሰሱ ነው። ብልቃጡ ላይ «600 ሚሊግራም» ተብሎ የሚነበበው የሩዙ ዱቄት ክብደት እንጂ የመድኃኒቱ መጠን አይደለም። በ2017 በአሜሪካ የሚሸጡ 28 ምርቶች ሲመረመሩ በሁለቱ ሞናኮሊን ኬ ጨርሶ አልተገኘም፤ በቀሪዎቹ እንደ መለያው ትእዛዝ ከተወሰዱ የቀኑ መጠን ከ0.09 እስከ 10.94 ሚሊግራም ይደርሳል። ቀደም ሲል በ2010 ከተመረመሩ 12 ምርቶች ውስጥ አራቱ ኩላሊትን የሚጎዳውን ሲትሪኒን የተባለ የሻጋታ መርዝ ይዘው ተገኝተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ የቀኑን መጠን ከሦስት ሚሊግራም በታች አድርጎ ገድቧል።

በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ስድስት ማሟያዎችን ከ5 ሚሊግራም ሮሱቫስታቲን ጋር ለ28 ቀናት አነጻጽሯል። ሮሱቫስታቲን ኤል ዲ ኤልን በ38 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ቀይ እርሾ ሩዝን ጨምሮ አንዱም ማሟያ ከባዶ ክኒን የተለየ ቅናሽ አላሳየም። ይህ ውጤት የሚናገረው ስለተፈተነው ምርት እንደሆነ ልብ ይሏል። ከላይ ያየነው ልዩነት እያለ የአንዱን ብልቃጥ ውጤት ለሌላው ማዋል አይቻልም፤ ይህ ደግሞ ማሟያውን የሚደግፉትንም የሚነቅፉትንም እኩል ያስቸግራል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ኤል ዲ ኤላቸው 160 የሆነ አንዲት እናት ስታቲን ጡንቻቸውን ስላሳመማቸው አቋርጠው፣ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ቀይ እርሾ ሩዝ ይጀምራሉ እንበል። የመጀመሪያው ብልቃጥ በቀን አሥር ሚሊግራም ቢሰጣቸው ኤል ዲ ኤላቸው ወደ 130 ሊወርድ ይችላል፤ የሸሹት የጡንቻ ሕመም ግን ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ብልቃጥ ከሌላ አምራች ሆኖ አንድ አሥረኛ ሚሊግራም ብቻ ቢይዝ ቁጥሩ ወደ 160 ይመለሳል። ሐኪሙም ምክንያቱን ከአመጋገብ ሲፈልግ ይውላል።

ከዚህ የከፋው የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። በአገራችን ለጨጓራ ባክቴሪያ በብዛት የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን ሎቫስታቲንን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚህም በደም ውስጥ ያለው የሎቫስታቲን መጠን እጅግ ይጨምራል። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ክልክል የሆነውም የጡንቻ መፍረስን፣ ከዚያም የኩላሊት ጉዳትን ሊያስከትል ስለሚችል ነው። ፋርማሲስቱ የታካሚዋን የመድኃኒት ዝርዝር ቢመለከት ግን ስታቲን አያገኝም። በዚህ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ጭኑና ትከሻው ከታመመው፣ ከደከመው፣ ሽንቱም ከጠቆረ ሁለቱንም አቁሞ ወዲያውኑ መታየትና በደሙ ውስጥ ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም መለካት ይኖርበታል። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ማሟያውን አያወጣውም፤ ብዙዎች መድኃኒት ነው ብለው አያስቡትምና። «ከዘመድ የተላከልዎ እንክብል ወይም ቫይታሚን አለ? ብልቃጡን ይዘውልኝ ይምጡ» ማለት ይሻላል።