የህፃናትን የመድኃኒት መጠን ማስያ ቅጽ ከአንድ መስመር ወደ ስድስት መስመር ስለመቀየር

በህፃናት ክፍል የልምምድ ጊዜውን ያሳለፈ ተማሪ ሁሉ የመድኃኒትን መጠን በህፃኑ ክብደት ማስላት ይለምዳል። ስሌቱ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ካልኩሌተር ላይ ቢሠራ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ እንዲህ ቀላል ከሆነ ስህተቱ ከየት ይመጣል? በእኔ አመለካከት ከሒሳቡ ይልቅ ችግሩ ያለው ሒሳቡ በሚሠራበት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀው መልሱን ብቻ ነው እንጂ መልሱ የተገኘበትን መንገድ አይደለም።

በብዙ ቦታ የሚታየው ቅጽ ከላይ ስም፣ ዕድሜና ክብደት ይይዝና ከታች አንዲት ቀመር ታትማበት ይገኛል። ቀመሯ እንዲህ ትላለች።

የሚሰጥ ሚ.ሊ = ክብደት × ሚ.ግ በኪ.ግ ÷ በ1 ሚ.ሊ ያለ ሚ.ግ = ______

ቀመሯ ትክክል ናት፤ ማንም አይከራከርባትም። ነገር ግን አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ታስጨርሳለች፤ ከሚዛን የተነበበውን፣ ከመመሪያ የተወሰደውን፣ ከመድኃኒቱ ላይ የተነበበውንና በጭንቅላት የተሰላውን። ሠሪው ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ተረኛዋ ነርስም ሆነች ፋርማሲስቱ ያቺን ቁጥር አይተው ልክ ናት ወይም ስህተት ናት ለማለት ምንም መያዣ የላቸውም።

በአንድ ምሳሌ እንየው። ከባድ የሳንባ ምች ያለበት የአምስት ወር ህፃን ክብደቱ 6.4 ኪ.ግ ነው እንበል። ከአምፒሲሊን ጋር ጄንታሚሲን ታዞለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የህፃናት የሆስፒታል ሕክምና የኪስ መጽሐፍ ለዚህ የሚያዘው ጄንታሚሲን ለ1 ኪ.ግ 7.5 ሚ.ግ ሆኖ በቀን አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ 6.4 × 7.5 ስናደርግ 48 ሚ.ግ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ የሚሳሳት ሰው ብዙ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው አምፑሉ እጅ ላይ ሲገባ ነው። ጄንታሚሲን 80 ሚ.ግ በ2 ሚ.ሊ ሆኖ ይመጣል፤ 20 ሚ.ግ በ2 ሚ.ሊ የሆነም አለ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ ሁለቱም 2 ሚ.ሊ ናቸው። ቀመሯ የምትፈልገው ግን «በ1 ሚ.ሊ ያለ ሚ.ግ» ነው፤ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በትልቁ ተጽፎ ዓይን ውስጥ የሚገባው አይደለም። በትልቁ የሚታየው 80 የሚለው ነው። የቸኮለ ሰው 80ን ወስዶ 48ን ለ80 ያካፍልና 0.6 ሚ.ሊ ይጽፋል። ህፃኑ የሚያገኘው 24 ሚ.ግ፣ ማለትም የሚገባውን ግማሽ ነው። ሌላው ደግሞ ባለፈው ሳምንት የነበረው ባለ 20ው አምፑል ትዝ ይለውና በ1 ሚ.ሊ 10 ሚ.ግ ነው ብሎ 4.8 ሚ.ሊ ያዛል። እጁ ላይ ያለው ባለ 80ው ከሆነ ህፃኑ 192 ሚ.ግ ይወጋል፤ ይህም ለ1 ኪ.ግ 30 ሚ.ግ፣ የታዘዘውን አራት እጥፍ ማለት ነው። ጄንታሚሲን ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን የሚጎዳ መድኃኒት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል።

ትክክለኛው መልስ 1.2 ሚ.ሊ ነው። 0.6፣ 1.2 እና 4.8 የሚሉትን ቁጥሮች ግን በአሮጌው ቅጽ ላይ ተራ በተራ ጻፏቸውና ተመልከቷቸው። ሦስቱም እኩል አሳማኝ ናቸው!

አሁን ይኸው ህፃን በአዲሱ አቀማመጥ ሲሞላ እንዲህ ይሆናል።

1. ዛሬ የተመዘነ ክብደት፦ 6.4 ኪ.ግ
2. መመሪያው የሚለው፦ ለ1 ኪ.ግ 7.5 ሚ.ግ። ይህ ቁጥር፦ [✓] ለአንድ ጊዜ ነው [ ] ለሙሉ ቀን ነው። በቀን ስንት ጊዜ፦ 1
3. አንድ ጊዜ የሚሰጥ፦ 6.4 × 7.5 = 48 ሚ.ግ። ከጣሪያው አይበልጥም [✓]
4. እጄ ላይ ባለው መድኃኒት ላይ የተጻፈው፦ 80 ሚ.ግ በ 2 ሚ.ሊ ውስጥ
5. የሚቀዳው፦ 48 ÷ 80 × 2 = 1.2 ሚ.ሊ
6. ሁለተኛ ሰው ከአምፑሉ አንብቦ ወደ ኋላ፦ 1.2 ÷ 2 × 80 = 48 ሚ.ግ፤ 48 ÷ 6.4 = 7.5

ከሁሉም መስመር ዋናው አራተኛው ነው እላለሁ። ልብ በሉ፣ ይህ መስመር ምንም ስሌት አይጠይቅም። ዓይን ያየውን እንዳለ መገልበጥ ብቻ ነው፤ ሚሊግራሙ በአንድ ሳጥን፣ ሚሊሊትሩ በሌላ ሳጥን። «በ1 ሚ.ሊ ስንት ነው» የሚለውን ጥያቄ ከቅጹ ላይ ጨርሶ አውጥተነዋል፤ ምክንያቱም ሰው መድኃኒቱን እያነበበ በልቡ የሚያካፍለው እዚያ ላይ ነበር። ሁለት ሳጥን ሲኖር 80ን ብቻ ጽፎ ማለፍ አይቻልም፤ ባዶው ሳጥን ያፈጥበታል።

ስድስተኛው መስመር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከተበላሸ ከንቱ ነው። ወደ ኋላ ማስላት ማለት ከመልሱ ተነስቶ 7.5 ላይ መድረስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ1 ሚ.ሊ 10 ሚ.ግ ነው ብሎ የተሳሳተው ሰው 4.8ን መልሶ በ10 ቢያባዛ 48 ያገኛል፤ ለ6.4 ቢያካፍል 7.5 ይመጣል። በቃ፣ ልክ ነው ይላል! የተሳሳተው ቁጥር ዞሮ ራሱን መሰከረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ከአራተኛው መስመር መቅዳት የለበትም፤ አምፑሉን በእጁ ይዞ እንደገና ማንበብ አለበት። ያኔ 4.8 ÷ 2 × 80 ሲያደርግ 192፣ ለ6.4 ሲያካፍል 30 ይወጣል፤ 7.5 ከሚለው ጋር አይገጥምም። ቅጹ ላይም «ከአምፑሉ አንብቦ» የሚለው ሐረግ የተጨመረው ለዚሁ ነው። ሁለተኛ ሰው ከሌለስ? ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ ብዙ ጊዜ ይህ ይገጥማታል። አምፑሉን አስቀምጣ፣ ወረቀቱን ገልብጣ፣ ሌላ ነገር ሠርታ ተመልሳ ብታነበው ምንም ካለማድረግ ይሻላል፤ የሁለተኛ ሰውን ዓይን ግን አይተካም።

አንዳንድ መምህራን «ለአንድ ትንሽ ህፃን ከአንድ አምፑል በላይ ካስፈለገ ቁም» ይላሉ። ጥሩ ምክር ነው፤ 4.8 ሚ.ሊ የጻፈው ሰው ሦስት አምፑል ሲሰብር ይነቃል። ነገር ግን ባለ 20 ሚ.ግ አምፑል ብቻ ባለበት ቦታ 4.8 ሚ.ሊ ትክክለኛው መልስ ነው። ስለዚህ ምክሩ ወደ አራተኛው መስመር ተመለስ የሚል ማስጠንቀቂያ ይሁን እንጂ ብይን አይሁን።

ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ለጄንታሚሲን ያን ያህል አያስፈልጉም ይሆናል፤ በቀን አንድ ጊዜ ስለሚሰጥ የአንድ ጊዜውና የቀኑ መጠን እኩል ነው። አሞክሲሲሊን ላይ ግን ወሳኝ ናቸው። ለሳንባ ምች አንዱ መጽሐፍ «ለ1 ኪ.ግ 40 ሚ.ግ በቀን ሁለት ጊዜ» ይላል፤ ሌላው ይህንኑ «ለ1 ኪ.ግ በቀን 80 ሚ.ግ፣ ለሁለት ተከፍሎ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም አንድ ናቸው። 9 ኪ.ግ ለሆነች ህፃን በቀን 720፣ በአንድ ጊዜ 360 ሚ.ግ ነው። «ለሁለት ተከፍሎ» የሚለውን የዘለለ ሰው 720ውን ጠዋትም ማታም ያዛል፤ እጥፍ ሆነ። ሳጥኑ የግድ አንዱ ላይ ምልክት ስለሚያስደርግ፣ «ለሙሉ ቀን» የተባለ እንደሆነ በሦስተኛው መስመር ለቀኑ ጊዜያት ብዛት ማካፈል ይመጣል። ባለ 250 ሚ.ግ በ5 ሚ.ሊ ሽሮፕ ከሆነ 360 ÷ 250 × 5 = 7.2 ሚ.ሊ ነው። እናት ቤት ውስጥ 7.2 መስፈር ስለማትችል 7 ሚ.ሊ ይባላል፤ ይህም 350 ሚ.ግ ነውና ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማጠጋጋት ግን አምስተኛው መስመር ላይ ብቻ ይሁን። ክብደቱን አንዴ፣ ሚሊግራሙን አንዴ፣ ሚሊሊትሩን አንዴ ያጠጋጋ ሰው መጨረሻው የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

የጣሪያው ሳጥን ለትልልቅ ልጆች ነው። 72 ኪ.ግ የሚመዝን የ14 ዓመት ልጅ ፓራሲታሞል ለ1 ኪ.ግ 15 ሚ.ግ ቢሰላለት 1080 ሚ.ግ ይሆናል፤ አዋቂ እንኳ በአንድ ጊዜ ከ1000 ሚ.ግ አይበልጥም። ኪሎ ሲጨምር ቀመር ዝም ብሎ ይጨምራል፤ ማቆሚያውን የሚነግረው ሰው ነው።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። 5.0 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ነጥቡ በፎቶ ኮፒ ሲደበዝዝ 50 ይሆናል፤ ስለዚህ 5 ይባል። .6 ተብሎ የተጻፈውም እንዲሁ 6 ሊሆን ይችላልና 0.6 ይባል። የጨቅላ ህፃናት ሚዛን ደግሞ አንዳንዴ በግራም ስለሚያነብ፣ 2900 ያለውን 2.9 ኪ.ግ ብሎ መቀየር በመጀመሪያው መስመር ላይ እንጂ በልብ መሆን የለበትም።

ቅጹ የማይፈታቸው ነገሮችም አሉ። በሁለተኛው መስመር የሚገባው ቁጥር ለህፃኑ የማይሆን ከሆነ የቀረው ሁሉ በንጽህና የተሠራ ስህተት ነው። ጨቅላ ህፃናት ጄንታሚሲን የሚወስዱት በሌላ መጠን ስለሆነ የራሳቸው ቅጽ ያስፈልጋቸዋል። በምግብ እጥረት ያበጠ ህፃን ሚዛኑ የሚያነበው ውሃውንም ጭምር ነው። ኩላሊቱ የታመመ ህፃን ደግሞ መጠኑም ሆነ የመስጫው ሰዓት በሐኪም መታየት አለበት።

ቅጹን ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ ግማሹ ክፍል በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ይሥራ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በሌሎች ጥያቄዎች ይቀያየሩ። ስንት ሰው እንደተሳሳተ ብቻ ሳይሆን የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ ይመዝገብ። የአምፑሉን ጽሑፍ ጥያቄው ላይ አትጻፉላቸው፤ ባለ 80ውንና ባለ 20ውን አምፑል ራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ያንብቡ።