ያለ ክፍያ ለሚሠራ አጭር ፊልም በጀት ሲወጣ ሕጉ ምን ይላል?

ገንዘብ ሳይኖረው አጭር ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው በጀቱን ሲጽፍ በብዙ መስመሮች ላይ ዜሮ ያሰፍራል። ካሜራው የጓደኛ ስለሆነ ዜሮ፣ ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ በፍቅር ስለሚሠራ ዜሮ፣ ቤቱ የአክስት ስለሆነ ዜሮ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው የምሳና የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ ነው፤ በጀቱም ሃያ ሺህ ብር ገደማ ሆኖ ይዘጋል። ይህ አቆጣጠር የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም ከሒሳቡ ይልቅ ያለው በሕጉ በኩል ነው። በትውስት የመጣ ዕቃና ያለ ክፍያ የተሰጠ ጉልበት ዛሬ ከኪስ ገንዘብ አያስወጡም፤ ግዴታ ግን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ዜሮ የተጻፈበት እያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ይህ ነገር ቢበላሽ፣ ቢቋረጥ ወይም ክርክር ቢያስነሣ ማን ስንት ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ካልተመለሰ በጀቱ አላለቀም።

ከዕቃው እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የትውስት ውልን ለብቻው ደንግጎታል፤ ያለ ኪራይ ዕቃ ተቀብሎ፣ ተጠቅሞ፣ ያንኑ ዕቃ መመለስ ማለት ነው። በቃል የተደረገ ቢሆንም ውል ነው። ተዋሹ ዕቃውን በጥንቃቄ መያዝ፣ ለተዋዋሉበት ጉዳይ ብቻ መጠቀምና ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ ሰው አለመስጠት አለበት። በፊልም ሥራ ላይ በብዛት የሚጣሰው ይህ የመጨረሻው ግዴታ ነው። ለሦስት ቀን ቀረጻ የተዋሱትን ካሜራ ረዳቱ አራተኛ ቀን ለሠርግ ይዞት ቢሄድ ጉዳዩ ከተራ ብልሽት ይወጣል፤ ከውሉ ውጭ የዋለ ዕቃ ላይ «አጋጣሚ ነው» የሚለው መከላከያ እጅግ ይዳከማል። ሌላም መጣራት ያለበት ነገር አለ፦ ካሜራማኑ ይዞት የሚመጣው ካሜራ የራሱ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ? የማያዝበትን ዕቃ ያዋሰ ሰው ፈቃድ እውነተኛውን ባለቤት አያስርም።

ብዙ ባለ ካሜራዎች ዕቃቸውን ሲያስረክቡ «በማንኛውም ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ተረካቢው ሙሉ ኃላፊነት ይወስዳል» የምትል አንድ መስመር ያስፈርማሉ። ይህች መስመር ቀላል አይደለችም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1886 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ለሚያደርሰው ጉዳት ጭምር እንዲያሰፉ ይፈቅዳል። በተቃራኒው ቁጥር 1887 ኃላፊነትን በውል መወሰን እንደሚቻል ይናገራል። የበጀትዎ ትልቁ ቁጥር የሚወሰነው ከነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደፈረሙ ነው። ስለዚህ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት ባለቤቱን ጣሪያ ይጠይቁት፤ «በአያያዝ ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ፤ ካልተፈቀደ ሰው እጅ ካገኘኸው ግን ሙሉውን» ብሎ መስማማት ለሁለቱም ወገን ሚዛናዊ ነው።

የዕቃው ዋጋም በርክክቡ ቀን መጻፍ አለበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተገዛበት ዋጋና የሚተካበት ዋጋ በእጅጉ ተራርቀዋል። ባለቤቱ በአእምሮው የያዘው የዛሬውን የአዲስ ካሜራ ዋጋ ነው፤ እርስዎ የሚያስቡት ከአራት ዓመት በፊት የተገዛበትን ነው። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ያገለገለ፣ በዛሬው ገበያ ይህን ያህል» ብሎ መጻፍ፣ የካሜራውንና የእያንዳንዱን ሌንስ መለያ ቁጥር መመዝገብ፣ ሌንሱ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር በስልክ መቅረጽ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሲመልሱም በዚያው ወረቀት ላይ ያስፈርሙ።

አሁን አንድ ምሳሌ ወስደን በሒሳብ እንየው። ዋጋዎቹ ለስሌቱ የተወሰዱ ስለሆኑ አንባቢው በአካባቢው ዋጋ ይተካቸው። ሦስት የቀረጻ ቀን፣ ከተዋንያን ጋር አሥራ ሁለት ሰው፣ ሁሉም ያለ ክፍያ። ለአንድ ሰው በቀን ለቁርስ፣ ለምሳና ለቡና 500 ብር ብንይዝ 18,000 ብር ይሆናል። ትራንስፖርት በቀን ለሰው 300 ብር ሲሆን 10,800 ብር ነው። አንዱ ቀን የማታ ቀረጻ ስለሆነ ሰዎቹን ቤታቸው ለሚያደርስ ሚኒባስ 6,000፣ የተቀረጸውን በሁለት ቦታ ለማስቀመጥ ለሁለት ሃርድ ዲስክ 14,000፣ ለባትሪና ለጥቃቅን ዕቃ 5,000፣ ለተዋሱት ቤት መብራትና ጽዳት 4,000 ሲጨመር 57,800 ብር ደረሰ። የተዋሱት ካሜራ፣ ሌንስ፣ መብራትና የድምፅ መሣሪያ በጠቅላላ 600,000 ብር ያወጣል እንበል። ይህን ሁሉ ማስቀመጥ የሚችል ሰው መጀመሪያም አይዋስም። ከባለቤቶቹ ጋር የ40,000 ብር ጣሪያ ከተስማሙ ግን መጠባበቂያዎ 40,000 ነው ማለት ነው። ካልተስማሙ የተጋለጡበት አደጋ 600,000 ነው፤ ይህን ቁጥር በጀቱ ላይ ጽፎ ማየት ብቻ ከየትኛው ሌንስ ውጭ መሥራት እንደሚቻል ያሳስባል። ባለቤቱ የመድን ዋስትና ካለው ደግሞ ዋስትናው ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ሳለ ይሠራ እንደሆነ ውሉን አንብቦ ማረጋገጥ ይገባል።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣ ጥያቄው ያለ ክፍያ ማሠራት ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የሚኖረው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ሥር ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው። ከልብ በፈቃደኝነት የመጣ፣ ክፍያ ያልተገባለት ሰው በዚህ ትርጉም ሠራተኛ አይደለም። ምግብና መጓጓዣ ስለሰጡትም ሠራተኛ አይሆንም፤ አዋጁ ራሱ የትራንስፖርትና የውሎ አበልን ከደመወዝ አይቆጥራቸውም። አደጋው ያለው በመሀል ነው፦ «የኪስ» ተብሎ በየቀኑ ለሥራው የሚሰጥ ቁርጥ ገንዘብ ስሙ ምንም ቢሆን ደመወዝ ነው የሚል ክርክር ያስነሣል። ስለዚህ ወጪ የሚመልሱ ከሆነ ወጪ ይመልሱ፤ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይክፈሉና ግዴታውን በበጀት ያስገቡ።

ሠራተኛ አለመሆኑ ግን ከኃላፊነት ነፃ አያደርግዎትም። ልጣጩ የተነሣ የመብራት ገመድ ይዞት የተጎዳ ፈቃደኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ባይጠይቅ እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋት ጉዳት ያደረሰበትን ሰው ካሣ ይጠይቃል። የተዋሱት መኪና ሰው ቢገጭ ደግሞ በቁጥር 2081 መሠረት መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለንብረቱ ነው፤ ደግነት የዋለልዎት ሰው ማለት ነው። የሦስተኛ ወገን መድኑ የጸና መሆኑን ሳያዩ መኪና ለትዕይንት አይዋሱ።

ፈቃደኛ ሰው በሁለተኛው ቀን ክፍያ ያለው ሥራ ቢያገኝ ይሄዳል፤ በግድ ሊያቆሙት አይችሉም። አብዛኛው ሰው ለዚህ «መጠባበቂያ አሥር በመቶ» ብሎ ይጽፋል። እኔ ይህን ልማድ አልደግፈውም፤ አሥር በመቶ የየትኛውም አደጋ ዋጋ አይደለም። ከቡድኑ ውስጥ ቢቀር ቀረጻውን የሚያቆመው ማን እንደሆነ ለይቶ የእሱን የአንድ ቀን ተተኪ ዋጋ መጻፍ ይሻላል። በምሳሌያችን የድምፅ ባለሙያው ነው፤ 8,000 ብር ብንይዝለት ጠቅላላው 105,800 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 48,000 ብሩ ምንም ካልተፈጠረ አይነካም፤ ለኤዲቲንግ ወይም ለትርጉም ጽሑፍ ይውላል። ሃያ ሺህ ከተባለው ጋር ያለው ርቀት ግን እውነተኛ ነው።

ከሁሉ የከፋው ዜሮ «ፊልሙ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» የሚለው ነው። ይህ ሁኔታ ሲሟላ የሚጠየቅ ዕዳ ነው። ለስምንት ሰው ለየብቻ «አምስት በመቶ» ቢሉ ከገቢው አርባ በመቶውን ሰጥተዋል። ከጠቅላላ ገቢ ነው ወይስ ወጪ ተቀንሶ ከቀረው? ካልተጻፈ ሁለቱም ያከራክራል። ቃል የሚገቡ ከሆነ ወጪ ከተመለሰ በኋላ ከሚተርፈው መሆኑን ይጻፉ፤ የሁሉንም ድርሻ በአንድ ገጽ ላይ ደምረው በጀቱ ሥር ያያይዙ። ጥሬ ገንዘብ ያበደረዎት ጓደኛም እንዲሁ ይጻፍለት፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በቁጥር 2472 መሠረት በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም።

«ጓደኛሞች ነን፤ ወረቀት ካወጣሁ ፍቅሩ ይበላሻል፤ ደግሞስ በአጭር ፊልም ማን ይካሰሳል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ለክስ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ፊልሙ ፍርድ ቤት ሳይደርስም ይታገዳል። ፌስቲቫልም ሆነ ጣቢያ ፊልሙን ሲቀበል መብቱ የእርስዎ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል፤ ያኔ ሙዚቃውን በነፃ የሠራው ልጅ ተቀይሞ «አልፈቀድኩም» ካለ ክስ ሳያስፈልገው ፊልሙ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፊልም የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ለብቻው መጠቀሚያ የሚሆን ሥራ ያበረከተ ሰው፣ ለምሳሌ ሙዚቀኛው፣ በዚያ በራሱ ሥራ ላይ ያለው መብት ግን ይቀርለታል። የካሜራ ባለቤትነት የፊልም ባለቤትነት አያመጣም። ፕሮዲዩሰር የሚባለው ሥራውን አስጀምሮ ኃላፊነቱን የተሸከመው ነው፤ ስምዎ ያለበት፣ ግዴታዎቹን የዘረዘረ በጀት ያ ሰው እርስዎ መሆንዎን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ተዋንያንም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት ምስላቸው ያለ ፈቃዳቸው ለሕዝብ አይታይም፤ ካሜራ ፊት ቆሞ መተወን ፈቃድ መሆኑ ባያጠያይቅ እንኳ ለየት ያለ አጠቃቀም፣ ለምሳሌ ለማስታወቂያ፣ ያከራክራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ስንት ቀን ነው፣ ክፍያ እንደሌለው፣ የሚመለስለት ወጪ፣ ስሙ በፊልሙ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ላበረከተው ሥራ የሚሰጠው ፈቃድ። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 መሠረት ግራ ቀኙ የፈረሙበትና ሁለት ምስክሮች ያሉበት ሊሆን ይገባል፤ ከቡድኑ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ይህ ሁሉ መፈረም ያለበት ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ነው። ፊልሙ ካለቀና ሰው ከወደደው በኋላ የሚጠየቅ ፊርማ በነፃ አይገኝም።